«አይሰማም» ስለሚባለው ልጅ

በቋንቋችን «አይሰማም» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ጆሮው ድምፅ አይቀበልም ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ምክር አይቀበልም፣ አይታዘዝም ማለት ነው። አንድ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት ተጠርቶ «ልጅዎ አይሰማም» ሲባል አስቀድሞ ወደ ልቡ የሚገባው ሁለተኛው ትርጓሜ ነው። ስለዚህም ልጁ ይገሠጻል፣ አንዳንድ ጊዜም ይቀጣል፤ ሆኖም በማግሥቱ ያው ነው። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የመጀመሪያውን ትርጓሜ የሚመለከት ነገር ነው። ይኸውም ሕመም ሳይሰማው፣ መግል ሳይወጣው፣ ከጆሮው ታምቡር በስተኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሞበት በግማሽ የሚሰማ ልጅ ነገር ነው።

የበሽታውን ጠባይ ለማወቅ የጆሮን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ከታምቡሩ በስተኋላ መካከለኛ ጆሮ የሚባል ትንሽ ክፍተት አለ። ይህ ክፍተት በደኅናው ጊዜ አየር እንጂ ፈሳሽ አይዝም። አየሩም የሚገባው ከመካከለኛው ጆሮ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ ኋላ በሚወርድ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ ቱቦው ስንውጥና ስናዛጋ ይከፈታል። በሕፃናት ይህ ቱቦ አጭርና ጠባብ ነው፤ እንደ ዐዋቂ ሰው ቁልቁል ሳይሆን አግድም ተጋድሞ ይገኛል። ልጁ ጉንፋን ሲይዘው ወይም ከአፍንጫው በስተኋላ ያለው አዴኖይድ የሚባለው እጢ ሲያብጥ ቱቦው ይዘጋል። በውስጥ የቀረው አየር ቀስ በቀስ በሥጋው ይመጠጣል፤ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በአየሩም ፈንታ ፈሳሽ ይመነጫል። ፈሳሹ በመጀመሪያ እንደ ውኃ ቀጭን ነው፤ ሲቆይ ግን እየወፈረ እንደ ሙጫ ይሆናል። ከበሮ የሚጮኸው ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ነው። ሆዱን ማር ቢሞሉት የሚመታው እጅ ያው ሆኖ ድምፁ ይታፈናል። የዚህ ልጅ ጆሮም እንዲሁ ነው።

ይህ ነገር እምብዛም የማይገኝ አይደለም። አብዛኞቹ ሕፃናት ለትምህርት ከመድረሳቸው በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያልፉበታል፤ ብዙዎቹም ማንም ሳያውቅላቸው ይድናሉ። ችግር የሚሆነው በሁለቱም ጆሮ ሲሆንና ለወራት ሲቆይ ነው። በአገራችን ደግሞ ጊዜው ራሱ ያዳላል። በክረምት ቤት ውስጥ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ጉንፋን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ከሰል ወይም እንጨት የሚጨስበት ቤት ከሆነ ጢሱ አፍንጫንና ጉሮሮን ያስቈጣል። ስለዚህ በሐምሌ ወይም በነሐሴ የተዘጋ ቱቦ ያለው ልጅ በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ጆሮው ሞልቶ ይገባል ማለት ነው። ፊደል በሚቆጠርበት፣ ንባብ በሚጀመርበት በዚያው ወር ነው።

አሁን ልጁ ምን እንደሚሰማ እንመልከት። ፈጽሞ ደንቆሮ አይደለም፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ስሙን ጮኽ ብለው ሲጠሩት ዞር ይላል። የሚጐድልበት የድምፁ ለስላሳ ክፍል ነው። «አ» እና «ኦ» ድምፃቸው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ያልፋሉ፤ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ሽ»፣ «ች»፣ «ት»፣ «ህ» ግን ደካሞች ስለ ሆኑ ይቀራሉ። በአማርኛ ደግሞ እነዚህ ደካማ ድምፆች የሚሠሩት ሥራ ትንሽ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በቃሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ድርጊቱን ማን እንዳደረገው የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። «ሰማህ»፣ «ሰማሽ»፣ «ሰማች» ብንል፣ ጫፉ ለታፈነበት ልጅ ሦስቱም «ሰማ» ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። መምህሩ ስለ አንዲት ልጅ ሲናገር እርሱ ስለ አንድ ወንድ ልጅ ይመስለዋል። በቃለ ጽሕፈት ጊዜ የቃሉን መጨረሻ ይጥላል፤ ሲጠየቅ ሌላ ይመልሳል፤ ልጆች ይሥቁበታል፤ በመጨረሻም አለመመለስን ይመርጣል። በዚህ ላይ የመስማቱ መጠን ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። ጉንፋኑ በቀለለ ቀን ይሰማል፤ በከበደ ቀን አይሰማም። ስለዚህ መምህሩ «ሲፈልግ ይሰማል» ብሎ ቢፈርድ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ፍርዱ ግን ስሕተት ነው።

እንግዲህ በቤትና በትምህርት ቤት በምን እናውቃለን? ልጁ ደጋግሞ «እ?» ወይም «ምን?» ይላል፤ ሬዲዮውን ወይም ቴሌቪዥኑን ከሌላው ሰው ይልቅ ያስጮኻል፤ ሲያናግሩት ፊትና ከንፈር ይመለከታል፤ ጫጫታ ባለበት ቦታ ሲጠፋበት በጸጥታ ቦታ ይሻለዋል፤ ሲተኛ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። በሹክሹክታ መፈተንም ይቻላል። በጸጥታ ክፍል ከልጁ ጀርባ በአንድ ክንድ ርቀት ይቁሙ፤ ከንፈርዎን እንዳያይ ነው። የአንዱን ጆሮ ቀዳዳ ደጅ በጣትዎ ቀስ ብለው እየሸፈኑና እያሹ፣ በሌላው በኩል እንደ «ፊት»፣ «ስድስት»፣ «ሻሽ» ያሉ ሦስት ቃላት አንድ በአንድ በሹክሹክታ ይንገሩትና እንዲደግም ያድርጉ። ቢሳሳት ሌሎች ሦስት ይጨምሩ። ከስድስቱ ሦስቱን እንኳ በትክክል ካልደገመ፣ በሌላ ቀንም እንዲሁ ከሆነ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ይህ ፈተና ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም፤ ፈተናውን ቢያልፍም መምህሩና ወላጁ ከተጠራጠሩ መመርመሩ አይቀርም።

ከጆሮው መግል ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ ግን የምንናገርለት በሽታ አይደለም። ያ ታምቡሩ መበሳቱን የሚያመለክት ሌላ ነገር ነውና ቀን ሳይቈጠር ለሐኪም መታየት አለበት።

እዚህ ላይ በየቤቱ የሚደረጉትን ነገሮች ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። የሞቀ ዘይት ወይም የተጨመቀ ቅጠል በጆሮ ውስጥ ማንጠባጠብ አይጠቅምም፤ ፈሳሹ ያለው ከታምቡሩ ወዲያ ነውና የጨመሩት ነገር አይደርስበትም፤ ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ ደግሞ ይጐዳል። በክብሪት እንጨት መጎርጎርም ኩኩን ወደ ውስጥ ከመግፋትና ታምቡሩን ከማቍሰል በቀር ፋይዳ የለውም። እንጥል ማስቈረጥ ከቱቦው መዘጋት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሕፃናትን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ያጋለጠ ልማድ ነው። ከመድኃኒት ቤት ተገዝተው የሚሰጡ ፀረ ተሕዋስያን እንክብሎች፣ የአለርጂና የአፍንጫ መክፈቻ መድኃኒቶችም ይህን ፈሳሽ እንደማያደርቁት በተደጋጋሚ ጥናት ታውቋል።

በአቃቂ ቃሊቲ ለሚኖር ቤተሰብ መንገዱ የሚጀምረው ከወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያም በክፍለ ከተማው ወዳለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጕሮሮ ስፔሻሊስት ሲያስፈልግም እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉት ትላልቅ ሆስፒታሎች በሪፈር ወረቀት ይኬዳል። ሐኪሙ በመብራት መመልከቻ ታምቡሩን ያያል። ደኅና ታምቡር የሚያበራና ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን፣ የታመመው ደብዛዛ፣ ወደ ውስጥ የተሳበ፣ አንዳንድ ጊዜም ቢጫ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው ምርመራ በጆሮው ቀዳዳ አየር በቀስታ እየገፋ የታምቡሩን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ ነው። ደኅናው ጆሮ በወረቀት ላይ እንደ ተራራ ያለ መስመር ሲሥል፣ ፈሳሽ ያለበት ጆሮ ሜዳ የሆነ መስመር ይሥላል። ሦስተኛው የመስማት ልክ በዴሲቤል የሚታወቅበት ምርመራ ነው፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ልጁ ይበልጥ ይሰማል ማለት ነው። እስከ 20 ድረስ ያለው ደኅና ተብሎ ይቈጠራል። የሹክሹክታ ድምፅ 30 ዴሲቤል ያህል ነውና፣ ልኩ 30 የሆነ ልጅ ሹክሹክታን በጭንቅ ይሰማል።

ነገሩ እንዲገለጥ ለምሳሌ የአንድ ልጅ ጉዳይ እንከተል። በቱሉ ዲምቱ የሚኖር የስድስት ዓመት ልጅ እናስብ። በነሐሴ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ በመስከረም አንደኛ ክፍል ገባ፤ በአራት ሳምንት ውስጥ «አይሰማም» ተባለ። በጥቅምት መጀመሪያ ሲመረመር በሁለቱም ጆሮ መስመሩ ሜዳ ሆነ። መስማቱ በአራት የድምፅ ቅጥነቶች ሲለካ በቀኝ ጆሮው 30፣ 30፣ 25 እና 35 ተገኘ። ድምሩ 120 ነውና ለአራት ሲካፈል 30 ዴሲቤል ይሆናል። በግራ 35፣ 35፣ 30 እና 40፣ አማካዩም 35 ሆነ። የሚታሰበው የተሻለው ጆሮ ነው፤ ልጁ በዕለት ኑሮው የሚያዳምጠው በእርሱ ነውና። ስለዚህ የዚህ ልጅ ልክ 30 ነው።

ሐኪሙ በዚያው ዕለት ለቀዶ ጥገና አይቀጥርም። «ሦስት ወር ጠብቀን እንደገና እንለካ» ይላል። እናቲቱ ብታዝን ይገባታል፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። እንዲህ ካለው ፈሳሽ ግማሽ ያህሉ በሦስት ወር ውስጥ ራሱ ይደርቃል። በጥቅምት ሁሉንም ብንቀድ ግማሾቹን ያለ ጥቅም ለማደንዘዣ አሳልፈን እንሰጣለን።

መጠበቅ ማለት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ከመምህሩ አንድ ሜትር ርቆ የተቀመጠና አራት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ልጅ አንድ ድምፅ አይሰሙም። በገላጣ ቦታ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቍጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከአንድ ወደ ሁለት ሜትር 6፣ ከሁለት ወደ አራት ሜትር ሌላ 6፣ በድምሩ 12 ማለት ነው። ግድግዳ ባለበት ክፍል ቅነሳው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ልጁን ከኋላ አንሥቶ ፊት ማስቀመጥ ገንዘብ የማይጠየቅበት መድኃኒት ነው። የተሻለው ጆሮው ወደ መምህሩ ይዙር፤ ከመስኮትና ከበር ጫጫታ ይራቅ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፈ አይናገር፤ አስቀድሞ ስሙን ጠርቶ ፊቱን ካየ በኋላ ይናገር። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ እንዲህ ያለ ልጅ «አዎ» ማለትን ለምዷልና። «ምን አልሁ?» ብሎ እንዲደግም ማድረግ ይሻላል። በቤትም ከወጥ ቤት ወደ ጓዳ መጣራት ቀርቶ ቀርበው፣ ፊት ለፊት ይነጋገሩ።

በጥር መጀመሪያ ልጁ እንደገና ተለካ። መስመሩ አሁንም ሜዳ ነው፤ በቀኝ 30፣ በግራ 35። ትናንሽ ቱቦዎች ማስገባት የሚታሰበው እንግዲህ ይህን ጊዜ ነው፤ ፈሳሹ በሁለቱም ጆሮ ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ቆይቷል፤ የመስማት ጕድለት በምርመራ ታውቋል፤ በትምህርቱም ላይ ችግሩ ታይቷል። ብዙ ሐኪሞች በተሻለው ጆሮ ከ25 እስከ 30 ዴሲቤል ሲደርስ ጉዳዩን ያነሣሉ፤ ሆኖም ቍጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ የንግግሩና የትምህርቱ ሁኔታ አብሮ ይመዘናል። የዚህ ልጅ ጎረቤት በጥቅምት 30 ኖሮት በጥር 15 ቢሆን፣ ያለ ምንም ቀዶ ጥገና ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሦስት ወር መጠበቅ ለሁሉ አይሆንም። የላንቃ መሰንጠቅ ያለባቸው፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው፣ ንግግራቸው ከእኩዮቻቸው የዘገየ ወይም አስቀድሞ ሌላ የመስማት ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ፈሳሹ በቀላሉ ስለማይለቃቸውና ጉዳቱም ስለሚከብድባቸው ቶሎ በስፔሻሊስት ሊታዩ ይገባል።

ቱቦው ምንድን ነው? ከስንዴ ቅንጣት ያነሰች፣ በመካከሏ አንድ ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ያላት ከፕላስቲክ የተሠራች ነገር ናት። በእንዲህ ያለች የፕላስቲክ ቱቦ ማከምን ቤቨርሊ አርምስትሮንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ጽፎ አስተዋወቀ፤ እስከ ዛሬም በዓለም ይሠራበታል። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ስለዚህም ከቀዶ ጥገናው በፊት ሆስፒታሉ ከሚያዝዘው ሰዓት ጀምሮ ምግብና መጠጥ አይቀምስም። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ታምቡሩን በጥቂቱ ይሰነጥቃል፣ ሙጫውን ይመጥጣል፣ ቱቦዋን በስንጥቁ ያስገባል። ከውጭ የሚታይ ቍስል የለም፤ ሥራው ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ይመለሳል። የቱቦዋ ሥራ ፈሳሹን ማውጣት ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራዋ የተዘጋውን የአፍንጫ ቱቦ ተክታ በታምቡሩ በኩል አየር ማስገባት ነው።

ብዙ ልጆች ወዲያው ይሰማሉ፤ አንዳንዱ ለጥቂት ቀን ተራው ድምፅ ጮኾበት ይደነግጣል። ቱቦዋ ከስድስት እስከ አሥራ ስምንት ወር ቆይታ ታምቡሩ ራሱ ገፍቶ ያወጣታል፤ በጆሮው ኩክ ውስጥ ትገኛለች ወይም ሳትታይ ትወድቃለች።

የዚህን ሕክምና ወሰን ደግሞ በግልጥ መናገር ይገባል። ቱቦው የመስማት ልክን በአማካይ በ10 ዴሲቤል ገደማ ያሻሽላል፤ ጥቅሙም የሚታየው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስትና ዘጠኝ ወራት ነው። ከዓመት በኋላ ቱቦ የገባላቸውና ያልገባላቸው ልጆች መስማት ይቀራረባል፤ ያልገባላቸውም እያደጉ ቱቧቸው ስለሚከፈት ነው። ስለዚህ ወላጆች የሚመርጡት በመዳንና በአለመዳን መካከል አይደለም፤ ልጃቸው ዘንድሮ፣ ንባብ በሚማርበት ዓመት፣ ይስማ ወይስ ይጠብቅ በሚል መካከል ነው። ቀዶ ጥገናውን የማይፈልጉ ወይም ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ለጊዜው የመስሚያ መሣሪያ እንዲሰጠው ሐኪሙን መጠየቅ ይችላሉ።

ጕዳትም አለው። ከአምስት ልጆች አንዱ ያህል ቱቦው ከወደቀ በኋላ ፈሳሹ ተመልሶበት ሁለተኛ ቱቦ ያስፈልገዋል። ከአራት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ አዴኖይዱን አብሮ ማውጣት ይህን ይቀንሳል። በመቶ ሁለት ያህል ሕፃናት ላይ ደግሞ ቀዳዳው ሳይዘጋ ይቀራል። በቱቦው በኩል ፈሳሽ ቢወጣ ሐኪሙ ያዘዘው የጆሮ ጠብታ ይደረጋል፤ ከጎረቤት የተዋሱት ጠብታ አይደረግም፤ አንዳንዱ ጠብታ በክፍት ታምቡር ዐልፎ የመስሚያውን ነርቭ ሊጐዳ ይችላልና። ስለ ውኃ እንደ ሆነ፣ ዝናብና ገላ መታጠብ አያሰጋም፤ የሳሙና ውኃ እንዳይገባ መጠንቀቅ ግን ይበጃል። ጠልቆ መዋኘት ይቅር፤ በተለይም ከፋብሪካና ከመንደር ፍሳሽ በተቀላቀለው በአቃቂ ወንዝ። ጠበል ከላይ በኃይል በሚወርድበት ጊዜም ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ በጆሮው ደጅ ማድረግ ይበቃል።

ቱቦው ከገባ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መስማቱ እንደገና ይለካል። ይህ ቀጠሮ «ልጁ ደኅና ሆኗል» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። የልጃችን ምሳሌ ከ30 ወደ 15 ቢወርድ ጥፋቱ የፈሳሹ ብቻ ነበር ማለት ነው። ቱቦው ክፍት ሆኖ ቍጥሩ አሁንም 30 ቢሆን ግን ከፈሳሹ በስተኋላ ሌላ፣ ምናልባትም የነርቭ ጉዳት ተሰውሮ ነበርና ሌላ ምርመራና የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ትምህርት ቤትም ሳያውቅ እንዳይቀር፣ እናት ወይም አባት የምርመራውን ወረቀት ግልባጭ ለክፍሉ መምህር ያድርሱ። በላዩም ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የተሻለው ጆሮ ቀኙ ነው ወይስ ግራው፣ የመስማቱ ልክ ስንት ነው፣ እንደገና የሚለካው መቼ ነው። መምህሩም በዚያ ቀን የልጁን ደብተር ከፍቶ የቃላቱ ጫፍ፣ «ህ»ው፣ «ሽ»ው፣ «ች»ው፣ ተመልሶ እንደ ሆነ ይመልከት።